«እኔ አለሁ» የሚል አለቃን አልፎ መሄድ፦ የአንድ የአዳማ መጋዘን ጉዳይ

ጉዳዩ እንዴት ወደ እኔ መጣ

አዳማ ውስጥ በሰው ኃይል አስተዳደር ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። «አለቃዬ አልሰማ ብሎኛል፤ ወደ በላዩ ልሂድ ወይስ ልተወው?» የሚል ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። አብዛኛው ሲመጣ ግን ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ወይ ተናዶ ዋና መሥሪያ ቤት ደውሏል፣ ወይ ዝም ብሎ ከርሞ የጉድለት ደብዳቤ በእጁ ገብቷል። እዚህ የምጽፍላት ሴት የመጣችው ሳትወስን ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን እርምጃ አብሬያት አየሁ፤ በአንደኛው ላይ ደግሞ የሰጠኋት ምክር ስህተት ነበር። የምጽፈው በፈቃዷ ነው፤ ሰዎቹንና ድርጅቱን የሚያሳውቅ ነገር አላስገባሁም።

ሥራውና ሰዎቹ

ድርጅቱ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ዕቃ ያከፋፍላል። ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ ሲሆን የአዳማው ቅርንጫፍ ከሞጆ ደረቅ ወደብ የሚመጣለትን ዕቃ ተረክቦ በከተማውና በአካባቢው ላሉ ነጋዴዎች ያወጣል። እሷ ስቶር ኪፐር ናት፤ 4 ዓመት ሠርታለች። የቅርብ አለቃዋ የሎጂስቲክስ ኃላፊው ነው። ከሱ በላይ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ አለ፤ ከዚያ በላይ አዲስ አበባ።

ሥራ ስትጀምር እንደ ማንኛውም ንብረት ተረካቢ ዋስ አምጪ ተብላ ነበር። የፈረመላት አጎቷ ነው፤ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፣ ዋስ የሆናትም በደመወዙ ነው። ይህን አስቀድሜ የማነሳው ውሳኔዋን በሙሉ የሚገዛው እሱ ስለሆነ ነው። መጋዘኑ ውስጥ ጉድለት ቢገኝ ተጠያቂዋ እሷ ብቻ አልነበረችም።

ችግሩ

ደንቡ ግልጽ ነው። ዕቃ የሚወጣው የተፈረመበት የወጪ ማዘዣ ሲመጣ ነው፤ እሷ ማዘዣውን አይታ ታስጭናለች፣ ከዚያ ቢን ካርዱ ላይ ትቀንሳለች። ካርዱ ላይ ያለው ቁጥርና መደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ሰኔ 30 በሚደረገው ቆጠራ መግጠም አለባቸው።

ኃላፊው ግን በስልክ ማዘዝ ጀመረ። አንድ ቀን የሆነውን ልንገራችሁ። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ነው፣ በሩን ልትዘጋ ቁልፉን ይዛለች። አንድ አይሱዙ ወደ ግቢው ገባ። ሹፌሩ ከመውረዱ በፊት ስልኳ ጠራ። «ለዚህ ሰው 15 ጥቅል ገመድ አስጭኚለት፤ ወረቀቱን ነገ እፈርማለሁ።» አስጫነች። ከዚያ ከጠረጴዛው መሳቢያ ሽፋኑ የተላጠ ባለ 50 ገጽ የተማሪ ደብተር አወጣች። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የታርጋ ቁጥሩን፣ የዕቃውን ዓይነትና ብዛት ጻፈች። ሹፌሩን «እዚች ላይ ፈርምልኝ» አለችው። ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ ፈረመና ሄደ።

ያ ደብተር የማንም መመሪያ አይደለም፤ የራሷ ዘዴ ነው። መጀመሪያ ላይ ኃላፊው በነጋታው እውነትም ይፈርም ነበር። ቆይቶ ሳምንት መፍጀት ጀመረ፤ ከዚያ አንዳንዱ ጭራሽ ቀረ። የካቲት ሲያልቅ ያልተፈረመባቸው 14 ወጪዎች ደብተሯ ላይ ተከማችተው ነበር። ማዘዣ ስለሌለ ቢን ካርዱ ላይ አልተቀነሱም። በወረቀት ዕቃው አለ፤ በመደርደሪያው ግን የለም። ዋጋቸውን ስንደምረው ከ8 ወር ደመወዟ ይበልጣል።

ኃላፊው ሌባ ነው ብዬ አላሰብኩም፤ ዛሬም አላስብም። ሽያጭ ክፍሉ ይጎተጉተዋል፣ ፋይናንስ የዱቤ ፈቃድ እስኪሰጥ ሦስት አራት ቀን ይፈጃል፣ ደንበኛው ደግሞ ከጎረቤት ለመግዛት ደቂቃ አይጠብቅም። በዚህ መካከል ያለው አቋራጭ እሷ ናት።

ሦስት ንግግሮች፣ አንዱ ብቻ የሚቆጠር

«ስንት ጊዜ ነግረሽዋል?» ስላት «ሦስቴ» አለች። አንድ በአንድ ስናነሳቸው ግን ሁለቱ የማይቆጠሩ ሆኑ። የመጀመሪያውን የተናገረችው ግቢ ውስጥ፣ ጫኞቹ እየሰሙ ነው፤ «እነዚያ ወረቀቶች እኮ አልተፈረሙም» ብላ። እሱም በሰው ፊት «አውቃለሁ» ብሎ አለፈ። ሁለተኛውን የተናገረችው ወደ መኪናው ሲገባ ነው። እንዲህ ያለው ንግግር ለተናጋሪው ትልቅ ነው፤ ልቧ እየመታ ነው የተናገረችው። ለሰሚው ግን የቀን ጫጫታ ነው። አለቃው «ነግራኝ አታውቅም» ቢል የሚዋሽ አይመስለውም።

ሦስተኛው የምር ነበር። ቢሮው ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ ደብተሩን ዘርግታ አሳየችው። ሰማት። መልሱ «አትጨነቂ፣ እኔ አለሁ» ነበር። ቅን መልስ ነው፤ እሷም ለሁለት ቀን ያህል ቀለላት። ነገር ግን «እኔ አለሁ» ቆጣሪዎች ሲመጡ የሚታይ ነገር አይደለም። ኃላፊው በዚያ ሳምንት ቢታመም ወይም ሥራ ቢለቅ ቃሉ አብሮት ይሄዳል፤ የርክክብ ሰነዱ ላይ ያለው ፊርማ ግን የሷ ነው።

ሰው መላክ

ከዚያ እኛ አገር ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረገች፤ ሰው ላከች። በቅርንጫፉ ውስጥ ሁሉም «ጋሼ» የሚላቸው አንጋፋ የሽያጭ ሠራተኛ አሉ። ኃላፊውን ለቡና ይዘውት ወጡና «ልጅቷ ዋስ አላት፣ አጎቷን አስብለት» አሉት። ሠራም። በማግስቱ ሦስቱን ፈረመ። 11 ቀሩ።

ግን ሁለት ነገር ተከተለ። በስልክ ማዘዙ አልቆመም፤ ጋሼ የለመኑት ለወረቀቶቹ እንጂ ለአሠራሩ አልነበረም። ደግሞም «ሰው ላከችብኝ» ብሎ ተቀየማት። ሽምግልና በሁለት ሰው መካከል ያለን ቅያሜ ይፈታል። እዚህ መጀመሪያ ላይ ቅያሜ አልነበረም፤ የጎደለው ፊርማ ነው። ወደ ሽምግልና ሲወሰድ ቅያሜ ሆነ።

ማስታወሻው

ወደ እኔ የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። ያን ቀን ወደ አዲስ አበባ ፋይናንስ ልትደውል ስልኳን ይዛ ነበር። መጀመሪያ የድርጅቱን የውስጥ ደንብ አምጪ አልኳት። ቅሬታ ለቅርብ አለቃ በጽሑፍ ይቀርባል፣ በ10 የሥራ ቀን መልስ ካልተሰጠ ወደሚቀጥለው ኃላፊ ይቀርባል ይላል። እሷ አንብባው አታውቅም፤ እንደ አብዛኛው ሰው ሥራ ስትጀምር ፈርማበት ያስቀመጠችው ወረቀት ነው።

መጋቢት 26 ለኃላፊው የግማሽ ገጽ ማስታወሻ ጻፈች። 11 ወጪዎች በሰንጠረዥ ተዘረዘሩ፤ ቀን፣ ታርጋ፣ ብዛት። ከሁሉ የቆየው የየካቲት 9 ነበር፤ 47 ቀን ሆኖታል። ከሰንጠረዡ ሥር የጻፈችው ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «ማዘዣዎቹ እንዲፈረሙልኝ ወይም ዕቃው እንዲመለስ እጠይቃለሁ። ከእንግዲህ ያለ ማዘዣ ለማስጫን የምችልበት አሠራር በጽሑፍ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ።» በሁለት ቅጂ አዘጋጅታ አንዱን መዝገብ ቤት አስፈርማ ለራሷ አስቀረች።

በመጀመሪያ ረቂቋ ላይ «ደጋግሜ ብናገርም ቸል ተብያለሁ» የሚል ነበር። እንድታወጣው የነገርኳት ስሜቷ ሐሰት ስለሆነ አይደለም። ያን ወረቀት በኋላ የሚያነበው የበላይ አለቃ «ቸል ተብያለሁ» ላይ ሲደርስ ስለ ሁለት ሰዎች ጠብ ማሰብ ይጀምራል። 47 ቀን የሚለው ላይ ሲደርስ ግን ስለ ዕቃው ያስባል።

ኃላፊው በዚያው ቀን ጠራት። «ምነው በጽሑፍ? እኔና አንቺ በጽሑፍ ነው የምንነጋገረው?» አላት። የጽሑፍ መልስ አልሰጠም። በአስሩ ቀን ውስጥ አንድ ጊዜ እንደገና ደውሎ አስጭኚ አላት። «እሺ፣ ግን በቴሌግራም ይጻፉልኝ» አለችው። «አስጭኚለት» የምትል አንዲት ቃል ጽፎ ላከ። 12ኛው ሆነ።

ሚዛኑ

አስሩ ቀን ሲያልቅ ሚያዝያ ገብቷል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ቁጭ ብለን መሄድና አለመሄድን መዘንን። ያኔ የተነጋገርነውን በረዥሙ ላስቀምጠው።

መጀመሪያ የጠየቅኳት ጉዳዩ የማይመለስ የሚሆነው መቼ ነው የሚል ነበር። ይህን ስትጠየቅ መልሱን ያጣች ሠራተኛ ብዙ ጊዜ መጠበቅ ትችላለች። የሷ መልስ ግን ቁርጥ ያለ ነው፤ ሰኔ 30። ከቆጠራው በፊት የምትናገረው ነገር ማስጠንቀቂያ ነው። ከቆጠራው በኋላ የምትናገረው፣ ቃል በቃል አንድ ቢሆን እንኳ፣ ሰበብ ነው። ደንበኞቹን ጠይቆ ለማጣራት ደግሞ ቢያንስ አንድ ወር ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የበላዩ ሰው ማን ነው የሚለውን አነሳን። እዚህ ላይ ነው ተስፋ የቆረጠችው። ሥራ አስኪያጁና ኃላፊው ከድሮ መሥሪያ ቤት አብረው የመጡ ናቸው፤ አልፎም አበልጆች ናቸው። ሥራ አስኪያጁ የኃላፊውን ልጅ ክርስትና አንስቷል። «ማን ይሰማኛል? ለምን ቀጥታ አዲስ አበባ አልደውልም?» አለች።

እኔ የመለስኩላት በጥያቄ ነው፤ የቆጠራውን ሪፖርት ፈርሞ ወደ አዲስ አበባ የሚልከው ማን ነው? ሥራ አስኪያጁ ነው። ስለዚህ አበልጁን ቢወድም ጉድለት ያለበት ሪፖርት ላይ ስሙ እንዲኖር አይፈልግም። ወደ በላይ የሚሄድ ሰው «ይህ ሰው ማንን ይወዳል?» ብሎ ብቻ ይገምታል። ከዚያ እኩል «ይህ ነገር ሳይነገረው ቢፈነዳ በሱ ላይ ምን ይደርሳል?» ብሎ መጠየቅ አለበት። ሁለት ደረጃ ዘልላ አዲስ አበባ ብትደውል ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሥራ አስኪያጁ ያውቃል?» ይሆናል። መልሷ «አያውቅም» ከሆነ ሁለቱንም ሰዎች በአንድ ስልክ በራሷ ላይ አንድ አደረገቻቸው ማለት ነው።

ሌላው መንገድ ለውስጥ ኦዲተሩ በጆሮው ጣል ማድረግ ነበር። ፈትኖት ነበር ልቧን። ነገር ግን ያን ዝርዝር የያዘ ሰው በቅርንጫፉ ውስጥ አንድ ብቻ ነው። ስሟ ሳይጠራ በአንድ ቀን ይታወቃል፤ ያኔ ደግሞ በድብቅ የከሰሰች ትባላለች።

በመጨረሻ ክፉውን አነሳን፤ ብትባረር። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 26 መሠረት ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ በማቅረቡ ከሥራ ሊሰናበት አይችልም። ይህን አነበብኩላት። ግን አዋጁ የሚጠብቃት ከስንብት ነው። ከኩርፊያ፣ ከዝቅተኛ የሥራ ምዘና፣ ለስብሰባ ሳይጠሩ ከመቅረት አይጠብቃትም። ከተሰናበቱም በኋላ ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ መክሰስ የሚቻለው በ3 ወር ውስጥ ነው። እነዚህን ሁሉ ሰምታ ዝም አለች። ከዚያ «አጎቴ ጡረታ ሊወጣ 2 ዓመት ቀርቶታል» አለች። ሚዛኑ ያኔ አጋደለ።

የዋዜማው ቀን

ወደ በላይ ከመሄዷ በፊት ለኃላፊው መንገር አለባት ብዬ አጥብቄ ነገርኳት። ሰኞ ማታ ቢሮው ገባች። «ነገ ጉዳዩን ለሥራ አስኪያጁ ላቀርብ ነው። እርስዎ ከሌላ ሰው እንዲሰሙት አልፈለግሁም። የማቀርበው የሰጠሁዎትን ማስታወሻ ነው፤ የጨመርኩት የለም» አለችው። «የፈለግሽውን አድርጊ» አላት።

ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ግን አራት ማዘዣ ፈርሞ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረ። ስምንት ቀሩ። ደወለችልኝ። እኔም «እንግዲህ መንቀሳቀስ ጀምሯል፤ አንድ ሳምንት ስጪው» አልኳት። ስህተቴ ይህ ነው። እሷ ግን «ጋሼም ያናገሩት ጊዜ ሦስት ፈርሞ ነበር» አለችኝ። ልክ ነበረች። ግፊት ሲመጣ ጥቂት ይፈርማል፣ ግፊቱ ሲያልፍ ስልኩ ይቀጥላል፤ ይህን አንድ ጊዜ አይታዋለች። እኔ ያየሁት አራቱን ወረቀት ነው፤ እሷ ያየችው ልማዱን ነው። ማስታወሻዋ ላይ «በማክሰኞ ጠዋት አራቱ ተፈርመዋል» ብላ በእጇ ጨምራ ሄደች። ያን መስመር መጨመሯ ለኃላፊው ፍትሐዊ ነበር፤ ለሷም ታማኝነት ጨመረላት።

በሥራ አስኪያጁ ቢሮ

20 ደቂቃ ያህል ቆየች። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን አንብቦ የጠየቃት የመጀመሪያ ጥያቄ «ሰርቋል ነው የምትዪው?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ጠብቀን ነበር። «እሱን አላውቅም። እኔ የማውቀው ዕቃው መውጣቱንና ማዘዣ አለመኖሩን ነው» አለችው። «አዎ» ብትል ማስረጃ የሌለው ክስ ተሸክማ ትወጣ ነበር። «አይ፣ እሳቸው ጥሩ ሰው ናቸው» ብትል ደግሞ ለምን መጣሽ ትባላለች።

ቅጣት አልጠየቀችም። የጠየቀችው ስምንቱ እንዲዘጉና የአስቸኳይ ወጪ አሠራር በጽሑፍ እንዲወጣ ነው። «እሺ፣ አየዋለሁ» ብሎ ሸኛት።

ለአንድ ሳምንት ድምፅ ጠፋ። እሷ ያን ሳምንት አልተኛችም። ከዚያ ሳታስበው ሥራ አስኪያጁ እሷንና ኃላፊውን አንድ ላይ ጠራቸው። ለዚህ አላዘጋጀኋትም ነበር፤ ማዘጋጀት ነበረብኝ። ኃላፊው ፊቷ ላይ «በሥራ ብዛት ነው፤ እሷ ነገሩን አጋነነችው» አለ። እሷ ደብተሩን ገልጣ የ15 ጥቅሉን ገጽ አሳየች፤ ሌላ አልተናገረችም።

ምን ተገኘ፣ ምን ተከፈለ

በግንቦት ድንገተኛ ቆጠራ ተደረገ። ከስምንቱ ሰባቱን ደንበኞቹ መረከባቸውን አምነው ደረሰኝ ተቆረጠ። በአንዱ ላይ ደንበኛው የተረከብኩት 6 ጥቅል ነው አለ፤ ደብተሩ ላይ ግን 9 ነው፣ የሹፌሩ ፊርማም አለ። ሹፌሩ ተጠርቶ ፊርማው የሱ መሆኑን አመነ፤ ሦስቱ ጥቅል ከሷ ላይ ወረደ። ከዚያ በኋላ ጊዜያዊ የመውጫ ሰነድ ተዘጋጀ። ማዘዣ ሳይደርስ ዕቃ መውጣት ካለበት ኃላፊውና አንድ የፋይናንስ ሠራተኛ ይፈርሙበታል፣ በ2 የሥራ ቀን ውስጥም በማዘዣ ይተካል። የሰኔ 30 ቆጠራ ያለ ጉድለት አለፈ።

የከፈለችውም አለ። ኃላፊው ለወራት ከወረቀት ውጪ አላናገራትም። የዓመቱ ምዘናዋ ከ«በጣም ጥሩ» ወደ «ጥሩ» ወረደ፤ የደመወዝ ጭማሪዋም በዚያው ልክ አነሰ። ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቃ መልስ አላገኘችም። ሥራ አስኪያጁ በዚህ ጣልቃ አልገባም፤ እሷም ሁለተኛ ጊዜ ልትሄድበት አልፈለገችም። ጋሼም ከዚያ ወዲህ ትንሽ ራቅ አሉ፤ ልመናቸውን የረገጠችባቸው መስሏቸዋል። ቀድማ ሄዳ ብትነግራቸው ኖሮ ይህኛው ይቀር ነበር ብዬ አስባለሁ።

ወደ ሌላ ጉዳይ የሚሻገረው

ይህ ጉዳይ የሠራው ሦስት ነገር ስለነበረው ነው። የተጠያቂነት ሰነድ ላይ ፊርማዋ አለ፣ የማይለወጥ ቀን አለ፣ በየዕለቱ የተጻፈ መዝገብ አለ። «አለቃዬ አያከብረኝም» ወይም «ሥራ ያዳላል» የሚል ጉዳይ እነዚህ የሉትም፤ በዚሁ መንገድ ቢሄድ የሁለት ሰው ጠብ ሆኖ ነው የሚነበበው። እንዲህ ያለ ጉዳይ ያለው ሰው መጀመሪያ ሥራው ላይ የደረሰ፣ ቀንና ቁጥር ያለው ነገር እስኪያገኝ መመዝገብ አለበት። ካላገኘ ክፍል ለመቀየር ወይም ሌላ ሥራ ለመፈለግ ማሰቡ ይሻለዋል።

ለአለቃ አስቀድሞ መንገር የሚለውም በሁሉ ቦታ አይሠራም። እዚህ የሠራው ማስረጃው በሷ እጅ ስለነበረና ኃላፊው የሚዝት ሰው ስላልሆነ ነው። ማስረጃው አለቃው እጅ ካለ፣ ነገሩ ስርቆት ወይም ፆታዊ ትንኮሳ ከሆነ፣ ወይም ዛቻ ካለ አስቀድሞ መንገር ሠራተኛውን ማጋለጥ ነው። ያኔ ለቅርብ አለቃ ሳይነገር ቀጥታ ወደ በላይ ወይም ከድርጅቱ ውጪ ወደሚመለከተው አካል ይኬዳል።

አንድ የበላይ አለቃ ይህን ቢያነብ ደግሞ ስለዚያች የአንድ ሳምንት ዝምታ እንዲያስብ እፈልጋለሁ። «ደርሶኛል፣ እስከ ዓርብ እመልስልሻለሁ» የሚል አንድ መልእክት ብዙ የሌሊት ጭንቀት ያድን ነበር።

ባለፈው ወር መጋዘኗ ጎራ ብዬ ነበር። 11 ሰዓት አልፎ ስልኳ ጠራ፤ ኃላፊው ነው። ከሰላምታ በፊት «ሰነዱን በልጁ ልኬልሻለሁ» አላት። ልጁ ደርሶ ሁለቱን ፊርማ እስክታይ ድረስ አይሱዙው በሩ ላይ ቆመ። ደብተሩን አሁንም ከመሳቢያው አውጥታ ሹፌሩን አስፈረመች።